ኪይዎቹ ደህና ይመስላሉ፣ ልጁ ግን ይንሸራተታል

ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ይቀለው ብዬ የተባባሉትን በራሴ አነጋገር ቁጥሩን ተከትዬ አስቀምጫለሁ። ስድቡን አውጥቼዋለሁ፤ ጠቡን ግን ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ከጠቡ ውስጥ ጥሩ ነገር ወጥቷል።

የመክፈቻው ጥያቄ። ጠያቂዋ ጅማ፣ አጂፕ ሰፈር ሆና አጭር አኒሜሽን የምትሠራ ሠዓሊ ናት። ታሪኩ ሄርማታ ገበያ ውስጥ በርጩማ ትከሻው ላይ አድርጎ እየዞረ ስለሚሸጥ ልጅ ነው። ልጁ ከጎን ይታያል፤ እሱ ባለበት ይራመዳል፣ ባክግራውንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ፍሬም ይቆያል፣ አንድ እርምጃ 16 ፍሬም ይፈጃል። የእርምጃውን ዋና ዋና ሥዕሎች፣ ማለትም ኪይ ፖዞቹን፣ እንዲህ አስቀምጣቸዋለች፦ 1ኛው ፍሬም ላይ የፊተኛው ተረከዝ መሬት ይነካል፤ 5ኛው ላይ ጉልበቱ ታጥፎ ሰውነቱ ዝቅ ይላል፤ 9ኛው ላይ አንዱ እግር ሌላውን ያልፋል፤ 13ኛው ላይ ሰውነቱ ከፍ ይላል፤ 17ኛው ላይ ሌላኛው ተረከዝ መሬት ይነካል። በየሁለት ኪይ መሃል አንድ አገናኝ ሥዕል፣ ማለትም ኢንቢትዊን፣ አለ። ለየብቻ ሲታዩ ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ እኔም አይቻቸዋለሁ። ሲንቀሳቀሱ ግን ልጁ የጅማ ክረምት ጭቃ ላይ የወጣ ይመስላል፤ እግሩ ትንሽ ወደፊት ይሸሻል፣ ተመልሶ ወደ ኋላ ያመልጣል። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ ጥፋቱ ከኪዩ ነው ወይስ ከኢንቢትዊኑ?

መልስ 1 በጣም በትህትና የተጻፈ ነው። ሥዕሉ በሁለት በሁለት ፍሬም ስለተያዘ ነው የሚንሸራተተው፣ በየፍሬሙ አንድ አንድ ሥዕል ብትሠሪ ይለሰልሳል አላት። መልስ 2 ደግሞ ይህንኑ ደግፎ በርቺ ብሎ ወጣ። ግማሽ እውነት አለው። ሥዕል ሲበዛ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፤ የሚንሸራተት እግር ግን ሥዕሉ በእጥፍ ቢበዛም ለስልሶ ይንሸራተታል እንጂ አይቆምም። መልስ 1ን የጻፈውን ሰው አትርሱት፣ በኋላ ይመለሳል።

መልስ 3 የመጣው አዲስ አበባ ለማስታወቂያ አኒሜሽን ሲሠራ ብዙ ዓመት ከቆየ ሰው ነው። ምክር አልሰጠም፣ ልኬት ጠየቀ። መሬት የያዘው እግር ጫማ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አድርጊ፤ ከልጁ ዳሌ መሃል ቀጥ ብላ የምትወርድ መስመር አስምሪ፤ ነጥቧ ከመስመሩ ስንት ፒክስል እንደምትርቅ በየሥዕሉ ጻፊልኝ አለ። ባክግራውንዱ በየፍሬሙ ስንት ፒክስል እንደሚሄድም ጠየቀ።

መልስ 4 ላይ ጠያቂዋ ለክታ መጣች። ተረከዙ መሬት በሚነካበት ኪይ፣ ማለትም ኮንታክቱ ላይ፣ ነጥቧ ከመስመሩ 120 ፒክስል ወደፊት ነበረች። ዝቅ የሚለው ኪይ ላይ 85 ወደፊት፣ የሚያልፈው ላይ 0፣ ከፍ የሚለው ላይ 85 ወደ ኋላ፣ ቀጣዩ ኮንታክት ላይ 120 ወደ ኋላ። ኢንቢትዊኖቹን በየመሃላቸው አስቀምጣለች። እርምጃው በጠቅላላ 240 ፒክስል ስለሆነ ለ16 አካፍላ ባክግራውንዱን በየፍሬሙ 15 ፒክስል ታንቀሳቅሳለች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስትጠየቅም እንቅስቃሴ ሲጀምርና ሲያልቅ ቀስ ማለት አለበት ተብሎ ስለተማረች እግሩንም ኮንታክቶቹ አጠገብ እንዳዘገመችው ነገረችን።

መልስ 5 የክሩ እምብርት ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ተከተሉት። የማስታወቂያው ሰው የነገራት ይህንን ነው። ባክግራውንዱ በአንድ ሥዕል ዕድሜ፣ ማለትም በሁለት ፍሬም፣ 30 ፒክስል ወደ ኋላ ይሄዳል። መሬት የረገጠ እግር የመሬቱ አካል ነው፤ ስለዚህ እሱም በየሥዕሉ 30 ፒክስል መሄድ አለበት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። የእሷ እግር ግን ከኮንታክቱ እስከ ዝቅታው በየሥዕሉ የሄደው 17 ወይም 18 ብቻ ነው። መሬቱ 30 ሲሄድ እግሩ 17 ከሄደ፣ ለተመልካች ዓይን እግሩ 13 ፒክስል ወደፊት ሸሽቷል። ከዝቅታው እስከ ማለፊያው ደግሞ በየሥዕሉ 42 ወይም 43 ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ከመሬቱ ቀድሞ ወደ ኋላ ያመልጣል። ማለፊያው ላይ ሒሳቡ ይገጥማል፣ ከዚያ በግልባጩ ይደገማል። መድኃኒቱ ተከታታይ ነው፦ 120፣ 90፣ 60፣ 30፣ 0፣ ከዚያ ወደ ኋላ 30፣ 60፣ 90፣ 120።

እንግዲህ ለጥያቄዋ መልሱ ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ሆነ። ኢንቢትዊኖቹ በትክክል መሃል ላይ ናቸው፤ የተሳሳተ ቦታ የቆሙት ሁለቱ ኪይዎች ናቸው። 85 ላይ ያለው 60 ላይ መሆን ነበረበት። ሥዕሉ ለብቻው ሲታይ ግን 85ም ሆነ 60 ያምራል፣ ስለዚህ በዓይን አይያዝም። ሰውየው አንድ ነገር አክሏል፦ ቀስ ብሎ መጀመርና ቀስ ብሎ ማቆም ለእጅ፣ ለጭንቅላት፣ አየር ላይ ላለው እግር ይሠራል፤ መሬት ለረገጠ እግር አይሠራም።

መልስ 6 የራሱን ጉዳይ ይዞ ገባ። ከሸክላ ጭቃና ከሽቦ አሻንጉሊት ሠርቶ ፎቶ እያነሳ የሚያንቀሳቅስ ልጅ ነው። እኔ ጋ እግር ተንሸራትቶ አያውቅም፣ ምክንያቱም እግሩን ከጠረጴዛው ጋር በብሎን አስረዋለሁ አለ፤ የእኔ ችግር ሰውነቱ እየተንገጫገጨ መሄዱ ነው ብሎ እርዳታ ጠየቀ። ማንም አልረዳውም። መልስ 7 ግን ከሱ ሐሳብ አንድ ዘዴ ወሰደ፦ ልጁን ባለበት ከማራመድ በፊት ገጹን አቋርጦ እንዲሄድ አድርጊ። መሬቱ ላይ በ240 ፒክስል ልዩነት ዱካዎች ሣይ፤ እግሩ ዱካው ላይ እስካለ ድረስ አይነቃነቅ፣ ሰውነቱ በላዩ ይለፍ። ካለቀ በኋላ እያንዳንዱን ሥዕል 30፣ 60፣ 90 እያልሽ ወደ ኋላ ስትጎትቺው ባለበት የሚራመድ ልጅ ይወጣልሻል። ለእኔ ከመለካት ይልቅ ይሄ ይቀላል፤ ዱካ ማንም ይገባዋል።

መልስ 8 ርዕሱን ብቻ አንብቦ የመጣ ነው። ጅማ በክረምት ስለምታንሸራትት ለልጁ ሶሉ ጎርበጥ ያለ ቦቲ ግዙለት አለ፣ የት ርካሽ እንደሚገኝም ጠቆመ። መልስ 9 ሳቅ ብቻ ነው።

መልስ 10 መልስ 5ን አረመ፣ እርማቱም ተገቢ ነበር። ቀይዋ ነጥብ ጫማው ላይ የት ናት ሲል ጠየቀ። ተረከዙ ላይ ከሆነች፣ ከፍ ከሚለው ኪይ ጀምሮ ተረከዝ ከመሬት ስለሚነሳ ልኬቱ ይዋሻል፤ ጣቷ ላይ ከሆነች ደግሞ በኮንታክት ጊዜ ጣት ገና አየር ላይ ነው። ስለዚህ ነጥቧን ጫማው ላይ ሳይሆን ዱካው ላይ አድርጊ፤ ጫማው ዱካው ላይ ተጋድሞ ቢሆን ተረከዙ የሚያርፍባት ቦታ ትሁን አለ። እግሩ መጀመሪያ በተረከዙ፣ ቀጥሎ በሙሉ ጫማው፣ መጨረሻ በጣቱ ዱካውን ይይዛል። ዱካው 30፣ 30 እያለ ሲሄድ ጫማው በላዩ ይንከባለላል። የማስታወቂያው ሰውም በሐሳቡ ተስማምቶ አመሰገነው።

እዚህ ድረስ ውይይቱ ጨዋ ነበር።

መልስ 11 በቁጣ ገባ። ጅማ ውስጥ ሥዕል የሚያስተምር ሰው ነው፣ ብዙዎቻችሁ በጽሑፉ ታውቁታላችሁ። ሒሳብ ነፍስ ይገድላል፣ እኛ በዓይናችን ነው የተማርነው፣ ሄርማታ ሄዳችሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ ሰው እዩ እንጂ ፒክስል አትቁጠሩ አለ። መልስ 12 ከእሱ የባሰ ነበር፦ መምህር ሆይ፣ በዓይንዎ የሠሩትን አንድ የሚራመድ ሰው ያሳዩንና እንማር የሚል ነገር ጽፎ፣ ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ተናነቁ። ያንን አሳጥሬዋለሁ። መምህሩ ግን አንድ የማይናቅ ነገር ተናግረዋል፤ ልጅቷ 16 ፍሬምን ከየት አመጣችው፣ ልጁ እውነት እንዲህ ነው የሚሄደው ብለው ጠይቀዋል።

መልስ 13 መምህሩን ሰምቶ በእርግጥ ሄርማታ ሄደ። በስልኩ ቀርጾ ፍሬም ቆጠረ። ስልኩ በሰከንድ 30 ስለሚቀርጽ፣ እጁ ባዶ የሆነና የቸኮለ ሰው አንድ እርምጃ በ15 ፍሬም አካባቢ ይጨርሳል፤ ይህ በእኛ 24 ሲመነዘር 12 ፍሬም ነው፣ በደቂቃ 120 እርምጃ ማለት ነው። ዕቃ ይዞ፣ ገዢ በዓይኑ እየፈለገ የሚዞር ነጋዴ ግን ወደ 20 ፍሬም ይፈጃል፤ ይህም በ24 ሲሆን 16፣ በደቂቃ 90 እርምጃ። ስለዚህ የጠያቂዋ 16 ለዚህ ልጅ ልክ ነው። ከዚህ በላይ አንድ ጥቅም አለው፦ በሁለት በሁለት ሲሣል 1፣ 5፣ 9፣ 13 ሁሉም ሥዕል ላይ ይወድቃሉ። በ12 ቢሆን ኪይዎቹ 1፣ 4፣ 7፣ 10 ላይ ስለሚመጡ 4 እና 10 ሥዕል የሌለበት ፍሬም ላይ ይቀራሉ፤ ዝቅታውን ወይ ወደ 3 ወይ ወደ 5 መግፋት ግድ ይሆናል። 3 ላይ ከመጣ ልጁ ዱብ ብሎ የሚያርፍ፣ 5 ላይ ከመጣ ደግሞ ለስለስ ያለ ይመስላል።

መልስ 14 ማንም ያላነሳውን የኋላ እግር አነሳ። ጠያቂዋ የፊቱ ተረከዝ መሬት እንደነካ የኋላውን እግር ወዲያው ታነሳዋለች። በእውነተኛ እርምጃ ግን ሁለቱም እግሮች አብረው መሬት ላይ የሚቆዩበት አጭር ጊዜ አለ፤ በተለመደ አካሄድ ከሙሉው ዑደት አንድ አሥረኛ ያህል ነው፣ በየእርምጃውም ይደገማል። የእሷ ዑደት ሁለት እርምጃ፣ ማለትም 32 ፍሬም ስለሆነ 3 ፍሬም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የኋላው እግር 120 ላይ ደርሶ መመለስ የለበትም፤ ጣቱ ከመሬቱ ጋር አንድ ሥዕል ያህል ተጎትቶ፣ ዱካው 150 እስኪደርስ ይቆይና 5ኛው ፍሬም ላይ ይነሳ። ይህ ሲጎድል እግሩ መሬቱን የፈራ ይመስላል፤ ክብደት የለውም። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ኢንቢትዊኑ መሃል ላይ አይሁን አለ፦ መጀመሪያ ተረከዙ ከኋላ ይከተል፣ ጉልበቱ ይቅደም፣ ጣቱ መሬቱን ለጥቂት እየሳተ በዝቅታ ይለፍ፣ ከዚያ ተወርውሮ ይዘርጋ። ሁለቱን ኪይ በቀጥታ መስመር ብታገናኚ ጣቱ መሬት ውስጥ ይገባል።

መልስ 15 የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ነው። ኪይዎቹ ራሳቸው ከእውነተኛው አካሄድ ጋር አይገጥሙም አለ። ሰው ሲራመድ ሰውነቱ በጣም ዝቅ የሚለው ሁለቱ እግሮች መሬት ላይ ሲሆኑ ነው፤ በጣም ከፍ የሚለውም አንዱ እግር ቀጥ ብሎ ሲቆምና ሌላው ሲያልፍ ነው። የሚወጣውና የሚወርደውም ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እናንተ ግን ከፍታውን ካለፈ በኋላ፣ 13ኛው ላይ አስቀምጣችሁታል፤ ማን ነው ያስተማራችሁ ሲል ጠየቀ።

መልስ 16 ላይ የማስታወቂያው ሰው አልካደም። ልክ ነህ፣ ሠዓሊዎች ሆን ብለን እናዘገየዋለን አለ። እግሩ ያርፋል፣ ክብደቱ ከኋላው ይመጣል፤ ያ መዘግየት ነው ለተመልካች ክብደት የሚሆነው። እንደ እውነቱ ብትሥለው ልክ ይሆናል፣ ግን ቀላል ይመስላል። ባለሙያው አልተዋጠለትም፤ ልማድ ነው እንጂ ምክንያት አይደለም ብሎ መለሰ። ሌላ ሰው፣ ሁለቱንም ሞክሩና አወዳድሩ፣ ሰውነቱን በሌላ ሌየር ይዞ ወደላይና ወደታች ማንሸራተት ነው አለ። ያ ግን አይሆንም፤ ዳሌው ከፍ ዝቅ ሲል የጉልበቱ መታጠፊያ ሁሉ ይለወጣል፣ እግሮቹን እንደገና መሣል ይጠይቃል። እስከ ዛሬ ያወዳደረ የለም። እኔ በግሌ ወደ ሠዓሊው አደላለሁ፣ ግን ለሸክም ተሸካሚ እንጂ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አይመስለኝም።

መልስ 17 ላይ ወሬው ወደ መብራት ዞረ። መብራት ሲጠፋ ሳያስቀምጡት የቀረ ሥራ፣ የባትሪ ዋጋ፣ የጄኔሬተር ጩኸት፣ ወረቀትና እርሳስ ይሻላል የሚል ሰው፣ የመስኮት መስታወት ላይ ወረቀት ለጥፎ በቀን ብርሃን ኢንቢትዊን የሚሠራ ሌላ ሰው። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ከጉዳያችን ጋር ግን አይገናኝም።

መልስ 18 ላይ ጠያቂዋ አዲሱን ሥራ ይዛ ተመለሰች። መንሸራተቱ ጠፍቷል፣ የኋላው እግርም መሬቱን ይገፋል። ግን ሁለት አዲስ ችግር ገጥሟታል፦ በየዑደቱ አንዴ ልጁ ትንሽ ይደናቀፋል፤ በተጨማሪም የቆመው እግር በቅርብ ሲታይ ይንቀጠቀጣል።

መልስ 19 የመጀመሪያውን ወዲያው አገኘው። የምትሠራበት የሥዕል ፕሮግራም፣ ክሪታ፣ ፍሬም መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው፤ እሷ እዚህ የጻፈችልን ከ1 ጀምራ ነው። በክሪታው አቆጣጠር ሥዕሎቹ 0፣ 2፣ 4 እያሉ 30 ላይ ያልቃሉ፣ ዑደቱም 31 ላይ መዘጋት አለበት። እሷ ግን ዑደቱ እንዲገጥም ብላ የመጀመሪያውን ሥዕል 32 ላይ ቀድታ፣ መጨረሻውን እዚያ አድርጋዋለች። ስለዚህ ያ ሥዕል 32፣ 0 እና 1 ላይ ይታያል፤ ሌላው ሁሉ ሁለት ፍሬም ሲቆይ እሱ ሦስት ይቆያል። መደናቀፉ ያ ነው። ቅጂውን አጥፍታ መጨረሻውን 31 ስታደርገው ቀጥ አለ።

መልስ 20 መንቀጥቀጡን አስረዳ። ሥዕሉ ሁለት ፍሬም ይቆያል፣ ባክግራውንዱ ግን በየፍሬሙ 15 ይሄዳል። በሁለተኛው ፍሬም መሬቱ ሄዷል፣ እግሩ ቆሟል፤ በሚቀጥለው ሥዕል እግሩ 30 ዘልሎ ይደርስበታል። ቁጥሩ ቢገጥምም በየመሃሉ 15 ፒክስል ይሳሳታል። ባክግራውንዱን በየሁለት ፍሬሙ 30 እያደረጉ ማንቀሳቀስ አንድ መንገድ ነው፤ ግን ገበያው ውስጥ እንጨቶችና የድንኳን ምሰሶዎች ስላሉ እነሱ ይዘላሉ። ሌላው መንገድ እያንዳንዱን ፍሬም መሣል ነው፤ 16ቱ ሥዕል 32 ይሆናል።

መልስ 21 መልስ 1 የጻፈው ሰው ነው። እኔ ከመጀመሪያው በየፍሬሙ ሣይ አላልኩም ወይ ብሎ መጣ። ብሏል፣ አልካድንም። ግን ያኔ ብትሰማው ኖሮ የተሳሳቱትን ኪይዎች በ32 ሥዕል ታባዛ ነበር፤ መልስ 12 ይህንን ከእኔ ባነሰ ትህትና ነግሮታል። ጠያቂዋ እግሮቹን ብቻ በየፍሬሙ ለመሣል፣ ጭንቅላቱንና ሰውነቱን በሁለት በሁለት ለመተው ወሰነች። መልስ 22 ሰውነቱና እግሩ በተለያየ ፍጥነት ከተሣሉ ዳሌው ላይ ይለያያሉ ብሎ አስጠነቀቀ፤ ቢያንስ ዳሌውን ከእግሮቹ ጋር አድርጊው አለ።

መልስ 23 ላይ መምህሩ በትህትና ተመለሱ፣ ጥያቄያቸውም ጥሩ ነበር፦ በርጩማው የት ነው ያለው? ቀኝ ትከሻው ላይ ከሆነና በቀኝ እጁ ከያዘው፣ የሚወዛወዘው የግራ እጁ ብቻ ነው፤ ያም ከቀኝ እግሩ ጋር ወደፊት ይሄዳል። ጠያቂዋ ሁለቱንም እጆች አወዛውዛ ነበር፣ በርጩማውም አብሮ ይወዛወዝ ነበር። የግራው እጅ ለሁለቱም ይሥራ፣ ሰፋ ብሎ ይወዛወዝ አሉ። መልስ 24 ተቃወመ፦ በርጩማ የያዘ ትከሻ ስለማይዞር ደረትም አይዞርም፣ ስለዚህ የግራው እጅ ይጠባል እንጂ አይሰፋም። ከሄርማታ የቀረጸው ሰው ቪዲዮውን እንዲያይ ተጠየቀ። አይቶ፣ ሁለቱንም ዓይነት አግኝቻለሁ ብሎ መለሰ፣ ነገሩም እዚያው ቀረ።

መልስ 25 እስካሁን የመጨረሻው ነው። ጠያቂዋ ቀጣዩ ትዕይንት ላይ ልጁ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት እንደሚወጣ ጽፋ፣ ይህንኑ ዑደት አዘንብላ መጠቀም ትችል እንደሆነ ጠየቀች። የማስታወቂያው ሰው አይሆንም አላት፦ ዳገት ላይ የፊቱ ጉልበት ታጥፎ ነው የሚያርፈው፣ ሰውነቱ ወደፊት ያጋድላል፣ 30ው ፒክስልም በዳገቱ መስመር ላይ ነው የሚለካው። ዝርዝሩን በሌላ ክር እንነጋገር ብሎ፣ መጀመሪያ ኮንታክቱን ብቻ ሥላ እንድታመጣ ጠይቋታል።